በቴሌግራም የተበተነ መጠይቅ፦ ከ842 ምላሽ ስንቱ እውነተኛ ነው?

ይህ የውይይት ክር በጣም ረዝሟል። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ይቸገራል። ስለዚህ ከጥያቄው ጀምሬ የተባለውን በቅደም ተከተል እተርካለሁ። በየመሃሉ የራሴንም ሐሳብ እላለሁ፤ ነገሩ በየዓመቱ ብዙ ተመራቂዎችን የሚገጥም ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጥያቄውን ያነሳችው የማስተርስ ተማሪ ናት። ጥናቷ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ስለሚሠሩ ነርሶች ነው፤ የሌሊት ፈረቃ እንዴት እንደሚያደክማቸውና ሙያውን ለመልቀቅ ያስቡ እንደሆነ ትጠይቃለች። መጠይቁን ላይምሰርቬይ በሚባል የኢንተርኔት መጠይቅ ማዘጋጃ ላይ አዘጋጅታ ሊንኩን በነርሶች የቴሌግራም ግሩፖች ለቀቀች። ለሞላ ሁሉ የ100 ብር የሞባይል ካርድ እንደምትልክም ጻፈች። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት 231 ሰው ሞላ። ከዚያ ቅዳሜ ማታ ተኝታ እሁድ ስትነሳ 487 አዲስ ምላሽ ገብቶ አገኘች። ሊንኩን እስክትዘጋው ድረስ ሌላ 124 ተጨመረ። በድምሩ 842 ማለት ነው። አማካሪዋ ተመሳሳይ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ተመሳሳይ የኢንተርኔት መግቢያ ቁጥር፣ ያላቸውን አጥፊና ቀጥይ ብሏታል። እሷ ግን ያ ይበቃ እንደሆነ ተጠራጥራ ወደዚህ መጣች።

1ኛው አስተያየት እንኳን ደስ ያለሽ ነበር። ጸሐፊው ጥያቄው አልገባውም። የናሙናው ቀመር 384 ይሰጣል፣ 10 በመቶ ሲጨመርበት 423 ይሆናል፣ አንቺ እጥፉን አግኝተሻል፣ ዝጊውና ወደ ትንተናው ግቢ አላት። ጨዋና ቅን ሰው ነው፤ ግን ሐሳቡ አደገኛ ነው።

2ኛው በቁጣ መለሰለት። ያ ቀመር ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ የሚሠራ ነው እንጂ ሊንክ አግኝቶ ለገባ ሁሉ አይደለም አለው። ማን እንደሞላው የማይታወቅ 423 ወረቀት ይዞ የመመረቂያ ጥናት መከላከያ ላይ መቆም ነውር ነው ብሎም ጨመረ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው።

3ኛው አስተያየት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ይሠራል። `ipaddr` የሚለውን ዓምድ ደርድሪ፣ ከየአድራሻው አንድ አስቀሪ፣ ሌላውን ሰርዢ፣ ከውጭ አገር የመጣውንም ጨምረሽ ጣይ አላት። አጭርና በራስ መተማመን የተሞላ ነበር። ብዙ ሰውም ወደደው።

ጠያቂዋ በ4ኛው ተመልሳ ሞክሬዋለሁ አለች። አንድ አድራሻ ብቻውን 61 ጊዜ ተደጋግሟል። በእሁዱ ማዕበል ግን ድግግሞሽ የለም ማለት ይቻላል፤ ከ487ቱ አብዛኞቹ የየራሳቸው አድራሻ አላቸው። ታዲያ የምጠረጥራቸው ንጹሕ ሆነው ወጡ፣ ምን ላድርግ ስትል ጠየቀች።

5ኛውን አስተያየት የጻፈው የጤና ዳታ ላይ ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ ባለሙያው እያልኩ እጠራዋለሁ። የመጀመሪያ ቃሉ አንዲትም መስመር እንዳትሰርዢ የሚል ነበር። ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጪ፣ ቅጂው ላይ አዲስ ዓምድ ጨምረሽ ምልክት ብቻ አድርጊ አላት። ቀጥሎ ስለ አይፒ አስረዳ። በሞባይል ዳታ የሚገባ ሰው የራሱ የሆነ አድራሻ የለውም። ኔትወርኩ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያወጣቸዋል። የሆስፒታል ዋይፋይም እንዲሁ ነው፤ ሃምሳ ነርስ ቢገባበት ውጭ ላለው ሰርቨር አንድ ሰው ይመስላል። በተቃራኒው አንድ ሰው ስልኩ ላይ ዳታ አጥፍቶ ቢያበራ አድራሻው ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ እነዚያ 61 ምላሾች መቼ መቼ እንደገቡና ስንት ደቂቃ እንደወሰዱ እይልኝ አላት።

መልሷ ለእኔ የክሩ ቁልፍ ነው። 61ዱ በአምስቱ ቀናት ላይ ተበታትነዋል። ከ7 እስከ 15 ደቂቃ ወስደዋል። የሥራ ክፍላቸው ይለያያል፤ ድንገተኛ፣ ማዋለጃ፣ ሕፃናት፣ ጽኑ ሕሙማን። በራሳቸው ቃል የጻፉትም አይመሳሰልም። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሊንኩ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ መሆኑ ነው። የአማካሪዋን ምክር ብትከተል ከእውነተኞቹ ውስጥ 60ውን ጥላ የእሁዱን ማዕበል ይዛ ትቀር ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያው በ7ኛው ይህን ተቀበለ። የውጭ አገሮቹን በተመለከተ ግን አልለቀቀም፤ አዲስ አበባ የሚሠራ ነርስ አድራሻው ኔዘርላንድስ ሊሆን አይችልም አለ። በ8ኛው አንድ ሰው አስታወሰው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ አድራሻን የሌላ አገር የሚያስመስለውን ቪፒኤን መጠቀም ለምዷል። ቪፒኤኑ እስከ ዛሬ እንደበራ ያለ ስልክ ብዙ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ዘመዶቼ ቤት ሁሉ አይቻለሁ።

9ኛው አስተያየት ያልተጠበቀ ነበር። ሪያድ የምትሠራ ነርስ ናት። ከድሮ ባልደረቦቿ ግሩፕ ስላልወጣች ሊንኩ ደርሷታል፣ ሞልታዋለች። አዲስ አበባ የሠራችበትን ዘመን እያስታወሰች ነው የመለሰችው። ማታለል አላሰበችም፤ መጠይቁ አሁን የት ትሠሪያለሽ ብሎ አልጠየቃትም። ጠያቂዋ አመሰገነቻት። ከዚያ ፋይሉን ፈትሻ፣ በነጻ ከጻፉት ውስጥ አሁን ውጭ አገር እንዳሉ የሚያሳይ ነገር ያላቸውን አምስት ሌሎች አገኘች። እነዚህ ስድስቱ ይወጣሉ፤ ግን እንደ አጭበርባሪ ሳይሆን ጥናቱ እንደማይመለከታቸው ተቆጥረው ለብቻ ይመዘገባሉ። ባለሙያው ይህን ልዩነት አጥብቆ ያዘው፤ እኔም እስማማለሁ።

10ኛው አስተያየት ሌላ መንገድ አመጣ። ምላሾቹ የገቡበትን ሰዓት እይ፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት የገባ ሁሉ ማሽን ነው አለ። በ11ኛው አንዲት ነርስ ተቆጣች። ጥናቱ ስለ ሌሊት ፈረቃ ነው፣ እኛ ስልክ የምንነካው ታካሚ ሲተኛ ነው፣ በሥራ ሰዓታችን ስለሞላን ማሽን ልንባል ነው ወይ አለች። ቁጣዋ ተገቢ ነበር። ጠያቂዋም በዚያው አጋጣሚ አንድ ነገር አየች፤ ሰርቨሩ የሚመዘግበው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ ሁሉም ላይ ሦስት ሰዓት መጨመር አለበት። በማለዳ የገቡ የመሰሏት ከረፋዱ የገቡ ነበሩ።

ባለሙያው በ12ኛው ነገሩን አስተካከለው። ሰዓቱን ትተሽ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለውን ርቀት እይ አላት። ሰው በራሱ ጊዜ ሲሞላ አንዱ አሁን ይገባል፣ ሌላው ከሃያ ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያ ሁለት አብረው፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። የእሁዱ ማዕበል እንዲህ አልነበረም። ለሰዓታት ሳያቋርጥ በየግማሽ ደቂቃው ይገባ ነበር። የመሙያው ጊዜም ተለየ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሹ ሰው ከ9 ደቂቃ በላይ ፈጅቷል። በማዕበሉ ግን አብዛኛው ሦስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ሃምሳ ሁለት ጥያቄ በሦስት ደቂቃ አንብቦ መመለስ አይቻልም።

በ13ኛው አንድ የስታቲስቲክስ መምህር ዕድሜና የልደት ዓመት ሁለቱም ተጠይቀው ከሆነ ይተያዩ አለ። ተጠይቀዋል፤ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ፣ የልደት ዓመቱ መጨረሻ ላይ። ጠያቂዋ አስልታ ስትመለስ ደንግጣ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 231 ውስጥ እንኳን ከመቶ በላይ የሚሆኑት አልገጠሙም። እነሱም ውሸታሞች ናቸው ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

14ኛው አስተያየት ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀማት ይመስለኛል። ኤክሴሉ የሚቀንሰው ከ2025 ነው፣ ሰዎቹ የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ምሳሌም ሰጣት። የ29 ዓመት ሰው 1988 ብሎ ይጽፋል። መጋቢት ላይ ከ2025 ሲቀነስ 37 ይመጣል። ልዩነቱ 8 ነው፤ የልደት ቀኑ ገና ካልደረሰ 9 ይሆናል። ስለዚህ 8 ወይም 9 የሆነ ልዩነት አቆጣጠር እንጂ ውሸት አይደለም። ይህን ስታስተካክል ከ231ዱ ያልገጠሙት ሰባት ብቻ ሆኑ። በማዕበሉ ውስጥ ግን ልዩነቱ አንዴ 3፣ አንዴ 14፣ አንዴ 21 ነበር። መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ስንት ዓመት እንዳለው የረሳ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ነው።

መምህሩ ጥሩ መፈተሻ ነው ያመጣው፤ ያመጣው ግን በግማሹ ነው። ከውጭ የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ወስዶ እዚህ የሚሠራ ሰው ንጹሑን ነው የሚቀጣው። አይፒውም፣ ቪፒኤኑም፣ ሰዓቱም፣ ዓመተ ምሕረቱም መጀመሪያ የጣሉት እውነተኛዎቹን ነርሶች ነበር።

በ15ኛው አንዱ ካፕቻ ብታስገቢ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለ። ባለሙያው ካፕቻ ማሽንን ይከለክላል፣ እዚህ የመጣው ግን ሰው ነው የሚመስለኝ ሲል መለሰ።

16ኛው አስተያየት ያንን አረጋገጠ። ጸሐፊው ወጣት ነው። እንዲህ ያሉ መጠይቆችን ለካርድ ብሎ ይሞላ እንደነበር በግልጽ ተናገረ። አሠራሩን ነገረን። በስልክ ገንዘብ መሥራት የሚያስተምሩ ቻናሎች አሉ። አንድ ሰው ሽልማት ያለው ሊንክ ሲያገኝ እዚያ ይለጥፈዋል። ከሊንኩ ሥር ደግሞ የማለፊያው መልስ ይጻፋል፤ ሙያ ነርስ በል፣ ከተማ አዲስ አበባ በል፣ ልምድ ከ2 እስከ 5 ዓመት በል፣ ሆስፒታል ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ምረጥ። የሚጻፍበት ቦታ ካለ የሚገለበጥ ዓረፍተ ነገርም ይሰጣቸዋል። አንድ ሰው በራሱ፣ በእናቱ፣ በእህቱና በጓደኞቹ ቁጥር ይሞላል። ካርዱ ሲመጣ ይካፈላሉ።

ጠያቂዋ ወዲያው ሄዳ አየች። ከማዕበሉ እጅግ የሚበዛው የዝርዝሩን የመጀመሪያ ሆስፒታል መርጧል፣ ልምዱንም ከ2 እስከ 5 ዓመት ብሏል። ከሌሊት ሥራ ከባዱ ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ሥራው አድካሚ ስለሆነ ደመወዝ ቢሻሻል ጥሩ ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ፊደል በፊደል ተደጋግሟል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርሶች በዚያው ቦታ ስለ ሰርቪስ አለመኖር፣ ለአርባ ታካሚ ሁለት ሆኖ ስለማደር፣ ሌሊት ላይ ከአስታማሚ ጋር ስለመጣላት ነበር የጻፉት።

17ኛውና 18ኛው ወጣቱ ላይ ወረዱበት። ሌባ ተባለ። እናንተ ናችሁ የአገሪቱን ጥናት ያበላሻችሁት ተባለ። እኔ አልስማማም። ያደረገው ጥሩ አይደለም፤ ግን መጥቶ በመናገሩ ከሁላችን በላይ ረድቷል። 19ኛው ደግሞ ሊንኩ አሁንም ክፍት ከሆነ ላኩልኝ አለ። አወያዩ አነሳው።

በ21ኛው ባለሙያው መፍረጃ ሐሳብ አቀረበ። አራት ምልክት ይኑር፤ ከሦስት ደቂቃ በታች መሙላት፣ ከሌላ ሰው ጋር ፊደል በፊደል የተገለበጠ ጽሑፍ፣ በአቆጣጠር የማይገለጽ የዕድሜ ልዩነት፣ እና የቻናሉን ማለፊያ የመሰለ የሆስፒታልና የልምድ ጥምረት። አንድ ምልክት ብቻ ያለው ሰው አይወጣም። ሁለትና ከዚያ በላይ ያለው ይወጣል። ደንቡ ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ተጽፎ ለአማካሪው ይላክ። ወደ ውጤቱ እያዩ የሚጥሉትን መምረጥ ሌላ ማጭበርበር ነው አለ።

22ኛው ጠንከር ያለ ትችት አነሳ። የሚገለብጥ ሰው ፈጣን መሆኑ አይቀርም፣ ስለዚህ ሁለቱ ምልክቶች አንድ ናቸው፣ ሁለት ምስክር አትበሏቸው አለ። ያ የመጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ፣ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው፣ እጁ ፈጣን የሆነ እውነተኛ ነርስም በዚህ ደንብ ይወድቃል። ባለሙያው ልክ ነህ አለው፤ መፍትሔ ግን ሙሉ በሙሉ አላገኘም። ፍጥነትና ግልበጣ ብቻቸውን ሲሆኑ እንደ አንድ ይቆጠሩ፣ የሆስፒታሉ ምልክት ደግሞ ከእሁድ በፊት ለገቡት አይቆጠር ብሎ አሻሻለው። ተቺው አሁንም አልረካም። እኔም ይህ ተዘግቷል ብዬ አላስብም።

በ23ኛው አንዲት የዳታ ሠራተኛ ስለ እውነተኛ ድግግሞሽ አነሳች። ኔት ተቋርጦበት ወይም ካርዱ ዘግይቶበት ሁለቴ የሚሞላ ቅን ሰው አለ። ኩኪ ይከለክለዋል ቢባልም ሊንኩን ቴሌግራም ውስጥ አንዴ፣ በብሮውዘር ሌላ ጊዜ ከከፈተው አይያዝም። የሚይዘው ስልክ ቁጥሩ ነው። ግን ሰው ቁጥሩን አንዴ በ09፣ አንዴ በ+251፣ አንዴ ያለ ዜሮ ይጽፈዋል፤ ኤክሴልም ራሱ ዜሮዋን ይበላታል። ስለዚህ ክፍተቶቹን አጥፍቶ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አኃዞች ብቻ ማነጻጸር ነው፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(A2," ",""),9)
```

ጠያቂዋ በዚህ 23 አገኘች። ከየጥንዱ የመጀመሪያውን ሙሉ ምላሽ አስቀርታ ሁለተኛውን አወጣች።

በ24ኛው ሒሳቡን ይዛ መጣች። ከ842 ውስጥ በሁለት ምልክት 443 ወጡ፣ በእውነተኛ ድግግሞሽ 23፣ ጥናቱ የማይመለከታቸው 6። የቀረው 370 ነው። ከ423 ያንሳል። ከ370ው 38ቱ አንድ አንድ ምልክት አለባቸው። የ1ኛው አስተያየት ጸሐፊ ተመልሶ ከወጡት ውስጥ ሃምሳ ሦስት ደህና የሚመስሉ መርጠሽ ብትመልሺ ማን ያውቃል አላት። ያን ጊዜ ክሩ ተቀጣጠለ። 2ኛው ሰው የተናገረውን አልደግመውም።

ባለሙያው በ27ኛው ረጋ ብሎ ሦስቱንም ጎን ለጎን አስይው አላት፤ ሁሉንም ይዛ፣ 370ውን ይዛ፣ አንድ ምልክት ያላቸውን ጥላ። አሰላችው። ሙያውን ለመልቀቅ አስባለሁ ያሉት በ842ቱ 29 በመቶ ናቸው። በ370ው 51 በመቶ፣ በ332ቱ 52 በመቶ ናቸው። ስለ 38ቱ ያን ያህል መጨቃጨቅ አያስፈልግም ማለት ነው፤ ቢገቡም ቢወጡም ቁጥሩ አይነቃነቅም። ማዕበሉ ግን የነርሶቹን ምሬት በግማሽ ሊቀብረው ነበር። ይህን ሳነብ በጣም ተናደድኩ። ያ 29 በመቶ ታትሞ ቢሆን አንድ ኃላፊ ይዞት ችግሩ የተጋነነ ነው ይል ነበር።

ባለሙያው ሌላም ጠቆማት። በ2004 እ.ኤ.አ. ለኢንተርኔት መጠይቆች የወጣው ቼሪስ የሚባለው የሪፖርት ዝርዝር ኩኪ፣ አይፒና የሰዓት ፍተሻ እንዴት እንደተደረገ ይጠይቃል። በዘዴው ምዕራፍ ውስጥ ስንቱ በየትኛው ምክንያት እንደወጣ በሠንጠረዥ አስቀምጪ፣ 370 መሆኑንም አትደብቂ አላት።

ያልተቋጨው ካርዱ ነው። በ29ኛው አንዱ ለአጭበርባሪ አንድ ብር አይከፈልም አለ። 30ኛው የስምምነት ቅጹ ለሞላ ሁሉ ይላል፣ ከ443ቱ ውስጥ አንድም እውነተኛ ነርስ ካለ ቃል አፍርሰሻል አለ። ደውለሽ አጣሪ ያለም ነበር። የሌሊት ፈረቃ ነርሷ በ32ኛው ተቃወመች። ቁጥሬን የሰጠሁት ለካርድ ነው፣ ስለ አለቃዬ የጻፍኩትን የያዘች ሰው ብትደውልልኝ ሁለተኛ መጠይቅ አልሞላም አለች። ባለሙያው ለሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን በተለየ ቅጽ መቀበል ይሻላል አለ፤ ግን ያኔ ቁጥሩን ከምላሹ ጋር ማያያዝ ስለማይቻል በ23ኛው የተባለው ፍተሻ ይቀራል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ለየግሩፑ የተለያየ ሊንክ መስጠትን ግን ማንም አልተቃወመም፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የትኛው ግሩፕ እንዳፈሰሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ታውቆ ያ ሊንክ ብቻ ይዘጋ ነበር።

ጠያቂዋ የመጨረሻውን አስተያየት የጻፈችው ትናንት ነው። ለ370ውና ለስድስቱ ካርድ ልካለች። ሁለቴ የሞሉት 23 ሰዎችም አንድ አንድ ደርሷቸዋል። የ443ቱን ጉዳይ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው በደብዳቤ አቅርባ መልስ እየጠበቀች ነው።